የወፍጮ ቤት ጆሮና የሰርግ ሞንታርቦ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ድሬ ዝምታ የማታውቅ ከተማ ናት። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ይቸገራል፤ ከዚያ ጆሮው ይለምደዋል። ሲሸመግል መስማት ቢቀንስበት ዕድሜ ነው እንጂ ወፍጮው አይደለም። አሁን አሁን የጤና ባለሙያዎች ሠራተኛውን የጆሮ መድፈኛ አድርግ ይሉታል። ጆሮውን የደፈነ ሰው ግን ደንበኛው የሚለውንም፣ ማሽኑ ሊበላሽ ሲል የሚያሰማውንም አይሰማ፤ ጭራሽ አደጋ ላይ ይወድቃል። የግድ ካለም ጥጥ ይበቃል። ጥፋቱ የማሽኑ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ይስተካከል፤ ሠራተኛው ለምን ይደፈናል? ሰርግንማ ተዉት፤ የአንድ ሌሊት ደስታ ጆሮ አያደነቁርም።»

ይህን ጽሑፍ ይዘውልኝ የመጡት ሳቢያን ሰፈር ወፍጮ ቤት ያላቸው አንድ አባት ናቸው። ሥራዬ የሰውን የመስማት አቅም መለካት መሆኑን ስለሚያውቁ «ይሄ ሰው ያለው ልክ ከሆነ ለልጆቹ መድፈኛ ልገዛ ያሰብኩትን ብር ልተወው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸው የመለስኩትን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፤ ጸሐፊው ያነሷቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተላቸው እሄድባቸዋለሁ።

ከልማዱ ልጀምር። ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱን ነው የሳቱት። አዲስ ሠራተኛ ወፍጮ ቤት ሲገባ ራሱን ያመዋል፣ ይበሳጫል፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ግን ምንም አይመስለውም። እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው አእምሮ ነው፤ ተደጋጋሚ ድምፅን ችላ ማለት ይማራል፤ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ጆሮው ራሱ ነው፤ በቀኑ ሥራ ደንዝዞ ማምሻውን ድምፁን ቀንሶ ይሰማል። ሠራተኛው ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ለሱ ሁለቱም «ለመድኩት» ነው።

ጆሮ እንዴት እንደሚደነዝዝ እንይ። በውስጠኛው ጆሮ፣ እንደ ቀንድ አውጣ በተጠመዘዘ አንድ ትንሽ አካል ውስጥ፣ ጫፋቸው እንደ ፀጉር የሆነ ሕዋሳት ተደርድረው አሉ። በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ያህል ናቸው። ድምፅ ሲመጣ ይወዛወዛሉ፤ ያንን እንቅስቃሴ ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ኃይለኛ ድምፅ ለሰዓታት ሲወዘውዛቸው ይዝላሉ። ሰውየው ጸጥ ባለ ቦታ ካደረ አብዛኞቹ ያገግማሉ፤ በነጋታው ወደ ሥራ ሲመለስ እንደገና ይዝላሉ። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ከመካከላቸው የሚሞቱ ይኖራሉ። የሞተው ደግሞ በሰው ጆሮ ውስጥ ተመልሶ አይበቅልም፤ የሚያበቅለው መድኃኒትም እስካሁን የለም።

ይህን ሠራተኛው ራሱ ቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ማታ ከሥራ እንደገባ ሬዲዮውን ንግግር በደንብ በሚሰማበት ልክ ይክፈትና የድምፅ መጠኑን ሳይቀይር ያጥፋው። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ያንኑ ሬዲዮ ያብራው። «ማነው እንዲህ ያስጮኸው?» ካለ፣ ማታ ጆሮው ደንዝዞ ነበር ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ከሆነበት ደግሞ ልማድ አይበለው፤ ጆሮው ጠዋትም ሳያገግም እየቀረ ሊሆን ይችላልና ይመርመር።

ሌላው አሳሳች ነገር ሕመም አለመኖሩ ነው። የድምፅ ጉልበት በሚለካበት በዴሲቤል፣ ጆሮን የሚያመው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከ120 በላይ ነው፤ ለረጅም ሰዓት ሲሰማ የሚጎዳው ግን ከ85 ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት ያለ ምንም ሕመም ጆሮ የሚጠፋበት ነው፤ እህል ወፍጮ ያለውም እዚያ መካከል ነው። ወፍጮ ቤት 85 መድረሱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማሽኑ እየሠራ አስፈጪዋ እጅዎን ዘርግተው በሚደርሱባት ርቀት ላይ ቆማ እርስዋን ለማናገር ድምፅዎን ከፍ ማድረግ ካለብዎ 85 ደርሷል ወይም አልፏል ብለው ይውሰዱት። ጆሮዋ ሥር ገብተው የሚጮኹ ከሆነማ በብዙ አልፏል።

ጆሮ ቢለምድ ኖሮ በጣም የለመዱት እነማን ይሆኑ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1886 ግላስጎው ውስጥ ቶማስ ባር የተባለ የጆሮ ሐኪም የእንፋሎት ጋን ቀጥቃጮችን መረመረ፤ ከ100 ሰው መካከል መስማቱ ሙሉ የሆነ አንድም አላገኘም። እነዚያ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ነበሩ። ድሬዳዋ በምድር ባቡር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በጋራዡ የሠሩ አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ይህን ለማመን ግላስጎው ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ አንድ የመረመርኩትን ሰው ላንሳ። የ41 ዓመት ሰው ነው፤ ከ17 ዓመቱ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ሠርቷል። ያመጣችው ባለቤቱ ናት፤ ቴሌቪዥን ሲያስጮህ ልጆቹ ማጥናት አልቻሉም። እሱ ግን «አቦ፣ እኔ እሰማለሁ፤ ሰዎች ናቸው የሚያጉተመትሙት» አለኝ። መጀመሪያ ጆሮውን በመብራት አየሁት፤ ኩክ የለም፣ መግል የለም፣ ታምቡሩ ደህና ነው። ኩክ ቢሆን ኖሮ ተጠርጎለት ይሄድ ነበር፤ ብዙ ሰው ደነቆርኩ ብሎ መጥቶ በዚያው ድኖ ስለሚመለስ ይህን ሳያዩ መለካት አይገባም።

ከዚያ ማዳመጫ አድርጎ ድምፅ ሲሰማ እንዲጠቁም ነገርኩት። በወፍራሞቹ ድምፆች፣ የድምፅ ቅጥነት በሚለካበት በሄርዝ 500ና 1000 በሆኑት፣ 15 ዴሲቤል ላይ ሰማ፤ ይህ ደህና ጆሮ ነው። በ2000 ሄርዝ 25 አስፈለገው። በ4000 ሄርዝ ግን እስከ 60 ዴሲቤል ድረስ ምንም አልጠቆመም። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከዚያ በሚቀጥነው በ8000 ሄርዝ 35 ላይ መልሶ ሰማ። በወረቀቱ ላይ ሲሳል መስመሩ 4000 ላይ ወደ ጉድጓድ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ሁለቱም ጆሮዎቹ ተመሳሳይ ናቸው።

የእርጅና መስመር እንዲህ አይደለም። እርጅና ከቀጭኑ ጫፍ ነው የሚጀምረው፤ 4000 ላይ ከቀነሰ 8000 ላይ የባሰ ይቀንሳል፣ መስመሩ እየወረደ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይወጣም። በ4000 ሄርዝ አካባቢ ያለው ጉድጓድ የጩኸት ምልክት ነው። የሥራ ታሪኩ፣ የሁለቱ ጆሮዎች መመሳሰልና ጉድጓዱ ሲገጣጠሙ ጥርጣሬው ይጠባል። አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልመንላቸው፤ ይህ ሰው 70 ዓመት ሲሞላው ብመረምረው እርጅናው 8000ውንም አውርዶት ጉድጓዱ ይጠፋ ነበር። ያኔ የወፍጮውን ድርሻ ከዕድሜው ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። ሽማግሌ ብቻ ያየ ሰው ሁሉንም ለዕድሜ ቢሰጥ የሚገርም አይደለም። ምርመራው በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ መጀመር ያለበትም ለዚህ ነው።

ሰውየው «እሰማለሁ» ያለኝም አልዋሸም። የንግግር ጉልበት ያለው በወፍራሞቹ ድምፆች ላይ ስለሆነ ሰው መናገሩን ይሰማል። የጎደለው ቃልን ከቃል የሚለዩት ቀጫጭኖቹ ናቸው። «ሰ» እና «ሸ» የሚለዩት በዚያው እሱ ባጣው አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ዱቄቱን ሰጠው» እና «ዱቄቱን ሸጠው» ቢለው ሁለቱ አንድ ሆነው ይሰሙታል። ፊት ለፊት ሲሆን ከንፈር አይቶ፣ ከነገሩ አያይዞ ይረዳል፤ ከጀርባው ወይም በስልክ ሲሆን ይጠፋበታል። ወንድ ልጁን ይሰማል፤ ድምፅዋ የሚቀጥነውን ትንሿን ልጁን ግን ደጋግማ እንድትነግረው ይጠይቃታል። ባለቤቱ ያለቀሰችው ይሄን ስነግራት ነው፤ ሆን ብሎ ችላ የሚላት ይመስላት ነበር።

ቀጥሎ ወደ ዋናው ነጥብ፣ ጆሮ መድፈን አደጋ ያመጣል ወደሚለው እመጣለሁ። ከሁሉም በላይ ሠራተኛውን የሚያሳምነው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው።

የጆሮ መድፈኛ ደንበኛን ብቻ መርጦ አይደፍንም። የወፍጮውንም የደንበኛውንም ድምፅ አብሮ ዝቅ ያደርጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንዳለ ይቆያል። ደህና ጆሮ ያለው ሰው ከ85 ዴሲቤል በላይ በሆነ ጩኸት ውስጥ ከደፈነ በኋላ ንግግርን የሚሰማው ሳይደፍን ከሚሰማው አያንስም፤ አንዳንዴም ይሻላል፤ ምክንያቱም ከልክ በላይ የተጨናነቀ ጆሮ ድምፅ መለየት ይከብደዋል። ጸጥ ባለ ቦታ ግን መድፈኛው በእርግጥ ንግግርን ያጠፋል። ሰዎች መድፈኛውን የሚሞክሩት ማሽኑ ቆሞ እያለ ስለሆነ «ምንም አያሰማም» ብለው ይጥሉታል። ሞተሩ ተነስቶ ይሞክሩት።

የተደፈነ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፤ የራሱ ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ጎልቶ ስለሚሰማው ሳያውቀው ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ሁለት ሠራተኞች ሁለቱም ደፍነው ሲነጋገሩ ታዲያ አይደማመጡም፤ ጥፋቱንም በመድፈኛው ያላክካሉ። መፍትሔው ድፍኑን ማውለቅ ሳይሆን ድምፅን ከወትሮው ከፍ ማድረግ ነው።

የማሽኑም ነገር እንዲሁ ነው። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ቺንጋው ሲላላ፣ ኩሽኔታው ሲበላ፣ ድንጋዩ እህል አልቆበት ባዶውን ሲዞር በድምፁ ያውቃል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፣ ጸሐፊውም ማንሳታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም መድፈኛ ካደረገ በኋላ ድምፁ ይቀየርበታል እንጂ አይጠፋበትም፤ የስፖንጅ መድፈኛ ቀጫጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ስለሚቀንስ ማሽኑ የታፈነ ይመስለዋል። ጥቂት ቀን ሠርቶ አዲሱን ድምፅ ሲያውቀው ለውጡን መልሶ ይለያል። ጆሮው 4000 ሄርዝ ላይ የሞተበት ሠራተኛ ግን የሚበላ ኩሽኔታ የሚያሰማትን ቀጭን ሲጥታ ደፈነም አልደፈነም አይሰማትም። ያንን ሙያ የሚያጠፋው ያለ መድፈኛ መሥራት ነው።

ጸሐፊው ልክ የሚሆኑበት ሰው ግን አለ፤ አስቀድሞ መስማቱ የቀነሰ ሠራተኛ። ለሱ መድፈኛው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ያጣቸው ቀጫጭን ድምፆች ከነጭራሹ ከሚሰማው በታች ይወርዳሉ። ቅድም የነገርኳችሁ የ41 ዓመት ሰው ከነዚህ አንዱ ነው። እሱን አትድፈን አላልኩትም፤ የቀረውን ማዳን አለበት። ከልክ በላይ የሚደፍነውን ትቶ መጠነኛ የሚቀንስ መርጠንለታል፣ ከአስፈጪዎች ጋር የሚነጋገረው ወደ ውጭ ሆኖ ሚዛኑ ጋ እንዲሆን፣ ማሽኑ ጋ ደግሞ በእጅ ምልክት እንዲግባቡ ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋር ተስማምተናል። ለማንም ሠራተኛ ቢሆን ዓላማው ጆሮ ውስጥ የሚደርሰውን ድምፅ 75 እና 80 አካባቢ ማድረስ ነው። ከ70 በታች ካወረዱት ሰውየው ከዓለም የተለየ ይመስለዋል፣ አውልቆ ይጥለዋል።

ጥጥ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ተራ ጥጥ አየር ያሳልፋል፤ አየር ያሳለፈ ነገር ድምፅ ያሳልፋል። ጥቂት ዴሲቤል ይቀንስ ይሆናል፣ ሠራተኛውን ግን «ደፍኛለሁ» አሰኝቶ ያዘናጋዋል። አንዳንዴም ተበጣጥሶ ውስጥ ይቀርና በመቆንጠጫ የምናወጣው እኛ ነን።

ትክክለኛው የስፖንጅ መድፈኛ ራሱ በአግባቡ ካልገባ ከጥጥ ብዙም አይሻልም። አገባቡ እንዲህ ነው። እጅ ይታጠባል። ስፖንጁ በጣቶች መካከል እየተሽከረከረ ቀጭን፣ ጠንካራና ያልተጨማደደ እስኪሆን ይጠቀለላል። ለቀኝ ጆሮ በሆነ ጊዜ ግራ እጅ በጭንቅላት ላይ ዞሮ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስባል፤ የጆሮው ቀዳዳ ጠማማ ስለሆነ ሳይሳብ አይቀናም። ቀኝ እጅ የተጠቀለለውን ያስገባል፣ ከዚያ በጣት ተደግፎ ለ30 ሰከንድ ያህል ይያዛል፣ ስፖንጁ ነፍቶ ቀዳዳውን እስኪሞላ። ብዙ ሰው ይህን ሰላሳ ሰከንድ ይዘላል፤ ስፖንጁም ወደ ውጭ ይነፋል። በትክክል የገባ መድፈኛ ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው እምብዛም አይታይም። ግማሹ ወጥቶ የሚታይ ከሆነ አልገባም። ሌላ መፈተኛም አለ፦ ማሽኑ እየሠራ ሁለት መዳፍዎን ጆሮዎ ላይ ጥብቅ አድርገው ይክደኑ። ጩኸቱ በግልጽ ከቀነሰ መድፈኛው ድምፅ እያስገባ ነው፣ አውጥተው እንደገና ያስገቡት። ብዙም ካልተለወጠ ይዟል።

የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ስፖንጁን ሲጠቀልል ጣቱ ላይ ያለው ዱቄት፣ በርበሬ ሲፈጭ ውሎ ከሆነ ደግሞ በርበሬው፣ አብሮ ጆሮው ውስጥ ይገባል። በድሬ ሙቀት ላብ ሲጨመርበት ያሳክካል። ስለዚህ ለወፍጮ ቤት እኔ የምመርጠው ሦስት ክንፍ ያለውን፣ በክር የተያያዘውን የላስቲክ መድፈኛ ነው። መጠቅለል አያስፈልገውም፣ ማታ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፣ ሲወልቅ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ አይጠፋም። ክሩ ግን ልብስ ውስጥ ይግባ፤ ከሚዞር ቺንጋ አጠገብ የተንጠለጠለ ክር አደገኛ ነው። ጆሮው መግል የሚያወጣ ሰው ምንም ነገር መክተት የለበትም፤ እሱ ከላይ የሚከደነውን፣ እንደ ማዳመጫ ያለውን ሽፋን ያድርግ፤ ጆሮውንም ይታከም።

መድፈኛ ከሚከሽፍበት ነገር ትልቁ ደግሞ እየወለቀ መዋሉ ነው፤ ይህን በቁጥር ላሳይ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በሚመክረው ስሌት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የቀን ሙሉ ድርሻ ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2፣ 94 ላይ 1፣ 97 ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ወፍጮ 97 ዴሲቤል አለው እንበል፤ ሞተሩም በቀን በድምሩ 4 ሰዓት ይዞራል። ያልደፈነ ሠራተኛ የ8 ቀን ድርሻ በአንድ ቀን ይወስዳል። በደንብ ደፍኖ 15 ዴሲቤል ቢቀንስለት ጆሮው የሚደርሰው 82 ነው፤ 4ቱን ሰዓት ሙሉ ቢያደርገው የቀኑን ድርሻ ሩብ ያህል ብቻ ይጠቀማል። አሁን ይኸው ሰው ደንበኛ ባናገረ ቁጥር እያወለቀ፣ ማሽኑ እየዞረ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ጆሮው ተከፍቶ ቢቆይ፣ የቀኑ ድርሻ በዚያች ግማሽ ሰዓት ብቻ አለቀ። በቀሪው ሦስት ሰዓት ተኩል መድፈኑ ያንን አይመልስለትም። ስለዚህ ማውለቅ ካለበት ከክፍሉ ወጥቶ ያውልቅ።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር 30 ምናምን ሆኖ እኔ 15 ማለቴ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። ያ ቁጥር በቤተ ሙከራ፣ ባለሙያ እያስተካከለ የተለካ ነው። በሥራ ቦታ ግማሹን ማግኘት ጥሩ ውጤት ነው።

ማሽኑ ይስተካከል ባሉት ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ቅድሚያው የሱ ነው። የላላ ብሎን፣ የሚንቀጠቀጥ የቆርቆሮ መሸፈኛ፣ ያለቀ ኩሽኔታ ድምፅ ይጨምራሉ፤ ሲጠበቁና ሲለወጡ ይቀንሳሉ። ከሞተሩ ሥር ወፍራም ላስቲክ ማስገባት፣ ሞተሩን በግንብ መለየት፣ አስፈጪዎች ከነልጆቻቸው ማሽኑ ሥር ሳይሆን በረንዳ ላይ እንዲጠብቁ ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። ልዩነታችን ከዚህ በኋላ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ማሽላ ሲፈጭ የሚወጣውን ድምፅ ብሎን በማጥበቅ አያስቀሩትም። ማሽኑ ተጠግኖ ከ97 ወደ 93 ቢወርድ ትልቅ ነገር ነው፣ አሁንም ግን 4 ሰዓት ያለ መድፈኛ አያሠራም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ያ የሳቢያኑ አባት ሊገዙ ያሰቡት ነገር በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ከአንድ የማሽላ ኩንታል ዋጋ ጋር ሲተያይም ምንም ነው።

ጽሑፉ ከተማውን በሙሉ ጩኸታም ስላለ አንድ ነገር ላክል። ከፊራ ገበያ ይጮኻል፣ ያደክማል፤ ነገር ግን የሻጭና የገዢ ክርክር ጆሮ አይገድልም። እዚያ የሚያሳስበኝ ሱቅ በር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ድምፅ ማጉያ ሥር የምትቀመጠው ሻጭና ያለ መድፈኛ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው፣ ግራይንደር የሚይዘው ልጅ ናቸው። ሁሉንም ጩኸት እኩል ማስፈራሪያ ካደረግነው የሚጎዱት ሰዎች ይሸፈኑብናል።

ሰርጉን በተመለከተ ጸሐፊው ስለ አንድ ተራ እንግዳ ከሆነ የሚያወሩት ከሞላ ጎደል ትክክል ናቸው። አንድ ሌሊት የጨፈረ ደህና ጆሮ ያለው ሰው ጆሮው ሲጮህበት ያድራል፣ በማግስቱ ወይም በሚቀጥለው ቀን ይተወዋል። ሰርጉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግን ለአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ዲጄው፣ ቪዲዮ ቀራጩና አስተናጋጇ በየሳምንቱ ሰርግ ላይ ናቸው። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ቅዳሜ ውሎ የደነዘዘ ጆሮውን ይዞ ነው ማታ የሚመጣው፤ ያ ሌሊት ጆሮው ሊያገግምበት የሚገባው ጊዜ ነበር።

ሞንታርቦ አጠገብ 100 ዴሲቤል ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ቅድም ባየነው ስሌት 100 ማለት 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ለታዳሚው የጆሮ መድፈኛ እንዲቀርብ፣ ከጩኸቱ ገለል ብሎ የሚያርፍበት ቦታም እንዲኖር ይመክራል። ደጋሹ ይህን ሁሉ ባያደርግ እንኳ ሞንታርቦዎቹን መሬት ላይ ከማስቀመጥ ከሰው ጭንቅላት በላይ ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ከሁሉ ቅርብ ያለውንም ጠረጴዛ ማራቅ ይችላል። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ከሁለት ሜትር ወደ ስምንት ሜትር ያፈገፈገ ሰው 12 ዴሲቤል አተረፈ፤ የሚፈቀድለት ጊዜ ከ15 ደቂቃ ወደ 4 ሰዓት አደገ። ድንኳንና አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከጣሪያና ከግድግዳ ስለሚመለስ ትርፉ ከዚህ ያነሰ ነው። ሕፃናት ደግሞ ሞንታርቦው ሥር መጫወት ስለሚወዱ እነሱን የሚያነሳ ሰው ቢመደብ ጥሩ ነው።

ርችትና ጥይት ግን ለብቻቸው ይቆጠሩ። እዚህ የሰዓት ስሌት አይሠራም። አጠገብ የተተኮሰ ጥይት ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተተኩሶም ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ጸሐፊው የአንድ ሌሊት ደስታ ያሉት ነገር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ከሰርግ በኋላ ጆሮው የሚጮህበት ሰው ከጩኸት ርቆ ያሳርፈው። ከሁለት ቀን በላይ ካልተወው ይመርመር። ለምርመራ ሲመጣም ቢያንስ ለ14 ሰዓት ከኃይለኛ ድምፅ ርቆ ይምጣ፤ ከወፍጮ ቤት በቀጥታ የመጣ ሰው የሚለካው የደከመ ጆሮው ስለሆነ ውጤቱ ያሳስተናል። በአንድ ጆሮ በኩል ድንገት መስማት ያቆመ ሰው ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ጆሮ ሐኪም ይሂድ። ለእንዲህ ያለው ድንገተኛ ችግር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ የሚሻለውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሲመጡብን ልናደርግላቸው የምንችለው በጣም ትንሽ ነው።